የታሸ፣ የደበዘዘ ወይስ የተደገመ? ዋተርማርኩ የተፋቀ ፎቶን ለመለየት የትኛውን ምልክት እንመን

ደሴ ፒያሳ ላይ ባነርና ብሮሸር ለሚሠራ ሰው ፎቶ የሚደርሰው በአብዛኛው በቴሌግራም ነው። ደንበኛው ይልክና "ይቺን አድርግልኝ" ይላል። ፎቶዋ ታምራለች፤ ስልክ ላይ ሲያዩዋት እንከን የላትም። ጉዱ የሚወጣው ከታተመች በኋላ ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ረጅሙን ጎን ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። ይህን 3 ሜትር ባነር ላይ ስትዘረጉት እያንዳንዷ ፒክስል ከ2 ሚሊሜትር ትበልጣለች። ስልኩ ላይ ዓይን የማይገባ 200 ፒክስል የታሸ ቦታ፣ ባነሩ ላይ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልሙጥ ቦታ ይሆናል። መንገድ ላይ ተሰቅሎ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው።

ስለዚህ ፎቶ ከመምረጣችን በፊት ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ይህ ምስል የሌላ ሰው ስም ተፍቆለት የመጣ ነው? ዋተርማርክ ሲፋቅ ከሚተዋቸው ምልክቶች ሦስቱ በብዛት ይታያሉ። አንዱ የታሸ ቦታ ነው፤ አንዱ ብለር የተደረገ ሎጎ ነው፤ ሦስተኛው ራሱን የሚደግም ሙሌት ነው። ሦስቱ እኩል አይታመኑም። የእኔን ፍርድ ከወዲሁ ልናገር። የተደገመው ከሁሉም ጠንካራ ማስረጃ ነው። የታሸው በብዛት ይገኛል፣ ግን ብቻውን ሲቆም ደካማ ነው። ብለሩ ደግሞ ሰው ቶሎ የሚፈርድበት፣ ቶሎም የሚሳሳትበት ነው።

የታሸ ቦታ

ጽሑፍ ወይም ሎጎ የሚያጠፉ ቀላል መሣሪያዎች የሚሠሩት ከዳር ወደ መሀል ነው። በጽሑፉ ዙሪያ ያለውን ቀለም ያነሱና ወደ ውስጥ እየጎተቱ ክፍተቱን ይሞላሉ። ቀለሙ ልክ ይመጣል። የሚጎድለው ቅንጣቱ ነው። ማንኛውንም ፎቶ በጣም ብታጎሉት እንደ ደቃቅ አሸዋ የተበተነ ነገር ታያላችሁ፤ ኖይዝ የምንለው እሱን ነው። የታሸው ቦታ ላይ ይህ ይጠፋል። ዙሪያው ሸካራ፣ መሀሉ ልሙጥ ይሆናል።

ችግሩ ስልኮቻችንም ራሳቸው ያሻሉ። በማታ ወይም ደብዘዝ ባለ ብርሃን ስታነሱ ስልኩ ኖይዙን ለማጥፋት ሲል ሰማዩን፣ ጥላውን፣ ውሃውን ያለሰልሰዋል። ቴሌግራም ሲያሳንሰው ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ልሙጥ ቦታ ስላገኛችሁ ብቻ "ይሄ የተሰረቀ ነው" ካላችሁ፣ ከሐይቅ ዳር በራሱ ስልክ ያነሳውን ምስኪን ሌባ ታደርጉታላችሁ።

መለያው ልስላሴው የሚከተለው ነገር ነው። የስልክ ልስላሴ ዕቃውን ይከተላል። ሰማዩ ሁሉ ለስላሳ ነው፤ ጥላው ሁሉ ለስላሳ ነው፤ የሚያበቃው ዕቃው ሲያበቃ ነው። የተፋቀበት ልስላሴ ግን ጽሑፉን ይከተላል። ቀጥ ባለ መስመር ሄዶ ውሃውን፣ ዳርቻውን፣ ዛፉን በአንድ ወርድ ያቋርጣል። ውሃው፣ ድንጋዩና ቅጠሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀበቶ ውስጥ የሚለሰልሱበት ተፈጥሯዊ ምክንያት የለም።

ስለዚህ ስትፈትሹ ሰማዩ ላይ ዓይናችሁን አታድክሙ። ሰማይ ላይ ማንም በደንብ ይፍቃል። መፈለግ ያለባችሁ ዋተርማርኩ ቀጭን መስመር ያቋርጥ የነበረበትን ቦታ ነው። የመብራት ሽቦ፣ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ የመስኮት ፍሬም፣ የነጠላ ጥለት። ሽቦው ተቆርጦ ከወዲያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ጥለቱ ለአንድ ጣት ያህል ይጠፋና እንደገና ይመጣል።

ለዚህ የሚስማማው ሁለተኛ ፍተሻ ንፅፅሩን መወጠር ነው። ፎቶሾፕ ላይ Ctrl+L ተጭናችሁ የግራና የቀኝ ጠቋሚዎቹን ወደ መሀል ታቀራርባላችሁ። ስልክ ላይ ከሆናችሁ ኮንትራስቱን ጥግ አድርሱት። ዓላማው ፎቶውን ማሳመር አይደለም፤ እንዲያውም ያስቀይመዋል። በዓይን የማይለዩ ሁለት ግራጫዎች እንዲራራቁ ነው። በዚህ ጊዜ የተፋቁት ፊደሎች ጥላ ሊወጣ ይችላል።

ለምን ይወጣል? አብዛኛው ዋተርማርክ ግማሽ ግልጽ ነው። 30 በመቶ ነጭ ከሆነ፣ ከሥሩ 100 ብርሃን የነበረው ፒክስል ወደ 147 ገደማ ከፍ ይላል። ሎጎውን በትክክል የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን ወደኋላ ሠርቶ 100ውን ሊመልሰው ይችላል። በ2017 የጎግል ተመራማሪዎች ይህን በተግባር አሳይተዋል። አንድ ዓይነት ዋተርማርክ ያለባቸው ብዙ ፎቶዎች ከተገኙ ኮምፒውተር ሎጎውን ለይቶ ከሁሉም ላይ ሊያነሳው እንደሚችል፤ ሎጎው ከፎቶ ፎቶ በጥቂቱ ከተጣመመ ግን ሲነሳ ዱካ እንደሚተው። ምስሉ በጄፔግ ተጨምቆ ከሆነም ወደኋላ የሚሠራው ሒሳብ ጥቃቅን ስህተቶችን አብሮ ያጎላል። ያ ስህተት በፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። የምትወጥሩት እሱን ለማየት ነው።

ብለር የተደረገ ሎጎ

ይሄኛው የሰነፍ ሥራ ነው። ፋቂው ሎጎውን ማጥፋት ሲያቅተው ያደበዝዘዋል። ማንም ያየዋል፤ ጥያቄው ብለሩ ለምን እንደተደረገ ነው።

ፎቶ ላይ ብለር በሦስት ንጹሕ ምክንያቶች ይመጣል። ካሜራው የሩቁን ወይም የቅርቡን ከትኩረት ውጭ ሲያደርግ፤ ስልኩ በፖርትሬት ሞድ ጀርባውን ሲያደበዝዝ፤ ወይም ባለቤቱ ራሱ ታርጋ፣ የሰው ፊት ወይም ስልክ ቁጥር ሲሸፍን። የመጀመሪያው ከርቀት ጋር ይሄዳል። አንድ ርቀት ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይደበዝዛል። ሁለተኛው የሰውየውን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል፤ አንዳንዴ የጆሮውን ጫፍ ይበላል እንጂ አራት ማዕዘን አይሠራም። ሦስተኛው አንድን ዕቃ ይሸፍናል፤ መኪናው ካዘነበለ ብለሩም አብሮ ያዘነብላል።

ሎጎ የተሸፈነበት ብለር ግን የፎቶውን ፍሬም ነው የሚያከብረው። ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር ትይዩ ነው፤ ጥግ ላይ ወይም ታች መሀል ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ አስፋልት ይሁን ሣር ግድ የለውም። ጠርዙም በድንገት ያበቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቀለሙ ይናገራል። ቀይ ሎጎ ስታደበዝዙት ቅርጹ ይጠፋል እንጂ ቀይነቱ አይጠፋም፤ ግራጫ አስፋልት ላይ ሮዝ ጉም ይቀራል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ጋ ልጨምር። በቁም የተቀረጸ ቪዲዮን በአግድም ስክሪን ለማሳየት ግራና ቀኙን በብለር የሚሞሉ አሉ። ከዚያ የተቆረጠ ፎቶ ዳሩ ቢደበዝዝ ሎጎ ተሸፍኖ ነው ማለት አይደለም።

የተደገመ ሙሌት

አሁን ወደ ጠንካራው መጣን። ሣር፣ ጠጠር፣ ቅጠል፣ ድንጋይ ላይ ማሸት አይሠራም፤ ወዲያው ያስታውቃል። ስለዚህ ፋቂው ከጎን ያለውን ቦታ ቀድቶ በጽሑፉ ላይ ይለጥፋል። ፎቶሾፕ ክሎን የሚለው መሣሪያ በእጅ ይህን ይሠራል። ራሱ የሚሞላው መሣሪያም ቢሆን ከፎቶው ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ቁራጮችን ፈልጎ ነው የሚገጣጥመው። ቅንጣቱ አይጠፋም፤ ሹልነቱም አይቀንስም። ግን አንድ ነገር ሁለት ቦታ ይገኛል።

ተፈጥሮ ደግሞ አትደግምም። ሁለት ጠጠሮች ሊመሳሰሉ ይችላሉ። በአንድ ቅርጽ፣ በአንድ ጥላ፣ በአንድ ጭረት፣ አጠገባቸው ካሉት ሦስት ጠጠሮች ጋር በአንድ ርቀት ተቀምጠው ሊገኙ ግን አይችሉም። ለዚህ ነው ይህን ምልክት የማምነው። ለታሸው ቦታ ስልኩን፣ ለብለሩ ካሜራውን ማመካኘት ይቻላል። ለተደገመ ዝገት ማመካኛ የለም ማለት ይቻላል።

"ማለት ይቻላል" ያልኩት ጥቂት ስላሉ ነው። የሰው ሥራ ይደግማል። ኮብልስቶን፣ ቆርቆሮ፣ የጨርቅ ጥለት፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ መስኮቶች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ስልክ እየዞረ የሚያነሳው ፓኖራማም ሲገጣጠም አንዳንዴ አንዱን ሰው ሁለቴ ያስገባል። ስለዚህ ቆርቆሮው መደገሙን አትዩ። ቆርቆሮው ላይ ያለው እድፍ መደገሙን እዩ። ሠሪው ደግሞ የሠራው ቅርጹን እንጂ እድፉን አይደለም።

ፍተሻው ደስ የሚል ነው። ፎቶሾፕ ላይ ወይም በነጻ በሚገኙት ጊምፕና ፎቶፒ ላይ ምስሉን በሌላ ሌየር ትደግሙና የላይኛውን ሌየር ብሌንድ ሞድ Difference ላይ ታደርጉታላችሁ። ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። ከዚያ የላይኛውን በቀስታ ወደ ጠረጠራችሁት አቅጣጫ ትገፉታላችሁ። ሁሉም ነገር ይዘበራረቃል። የተቀዳው ቁራጭ ከምንጩ ላይ ሲያርፍ ግን ያ ቦታ ብቻ ቦግ ያለው ብርሃን መሀል ጠቁሮ ይታያል። በቴሌግራም ያለፈ ከሆነ ድቅድቅ ላይሆን ይችላል፤ ጥቁር ግራጫ ይሆናል፤ ከዙሪያው ግን ይለያል።

የማይያዘው አዲሱ ዓይነት ሙሌት ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሞሉ መሣሪያዎች ከጎን አይቀዱም፤ የሌለ ነገር ይፈጥራሉ። ስለዚህ መደጋገሙ ይጠፋል። እነዚህን የምትይዟቸው ትርጉም ላይ ነው። ዋተርማርኩ የሱቅ ታፔላ ያቋርጥ ከነበረ፣ መሀል ላይ ያሉት ፊደላት ፊደል የሚመስሉ ግን ምንም የማይነበቡ ጭረቶች ይሆናሉ። ምሰሶው ሽቦ ይይዛል፣ ሽቦው ግን የትም አይደርስም።

ሦስት ፎቶ፣ አንድ ባነር

አሁን በምሳሌ እንየው። ኮምቦልቻ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንድ እናት 3 ሜትር ባነር ይፈልጋሉ እንበል። ሦስት ፎቶ ላኩ። "ልጄ፣ ያማረውን አንተ ምረጥ" አሉ።

የመጀመሪያው ሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ጠዋት የተነሳ ውሃ ነው። ውሃው እንደ መስታወት ልሙጥ ስለሆነ ያጠራጥራል። ስናጎላው ግን ልስላሴው ሁሉም ጋ ነው፤ የዛፎቹ ጥላ ውስጥም፣ ዳመናውም ላይ። በቀበቶ አይሄድም። መጠኑ 1280 በ960 ነው፤ ይህ አብዛኞቹ ስልኮች የሚያነሱበት 4 ለ3 ነው። ንፅፅሩን ስንወጥረው ፊደል አልወጣም። የወጣው በጄፔግ ጭመቅ የሚመጣ የ8 በ8 ፒክስል ካሬ ብቻ ነው። ስለዚህ "የተፋቀ" ብለን አንፈርድም፣ "ንጹሕ" ብለንም አንምልም። ኦሪጅናሉን እንጠይቃለን።

ሁለተኛው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። እዚህ አንድ ፎቶ ላይ ሁለት ብለር አለ። አንዱ ሚኒባሱ ታርጋ ላይ ነው፤ መኪናው በመታጠፊያው እንዳዘነበለ አዘንብሏል፤ ከታርጋው አያልፍም። ይሄ ባለቤቱ የሸፈነው ነው። ሌላው ታች ቀኝ ጥግ ላይ ነው። 180 በ50 ፒክስል ገደማ፣ ከፍሬሙ ጋር ትይዩ። የአስፋልቱ ነጭ መስመር እዚያ ሲደርስ ይሟሟል፣ ሲወጣ እንደገና ጥርት ይላል። ይሄኛው ስም ነው።

ምስሉን በጎግል ሌንስ ስንፈልገው መጀመሪያ አልመጣም። አንድ ነገር ግን አስተዋልን። መኪኖቹ በግራ በኩል ይሄዳሉ። እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ነው። ፎቶው እንዳይገኝ በመስታወት ተገልብጧል ማለት ነው። መልሰን ገልብጠን ፈለግነው፤ ጥጉ ላይ የፎቶ አንሺው ስም ያለበት ኮፒ ተገኘ። ነገሩ አበቃ።

ሦስተኛው ከጦሳ ተራራ ወገብ የታየችው ደሴ ናት፤ የቆርቆሮ ባሕር። ከሦስቱ የምታምረው እሷ ናት፤ አደገኛዋም እሷ ናት። ቆርቆሮ ይደጋገማል ብለን ልናልፋት እንችል ነበር። ግን አንድ ጣሪያ ላይ የተንጋደደ ዲሽና ከጎኑ የዝገት እድፍ አለ። ያው ዲሽ፣ በዚያው አቅጣጫ ተንጋዶ፣ ከዚያው እድፍ ጋር፣ 140 ፒክስል ወደ ቀኝ፣ 35 ወደ ታች ሌላ ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። የላይኛውን ሌየር ልክ ያንን ያህል ስንገፋው ጣሪያው ጠቆረ። ሌሎች የተደገሙ ጣሪያዎችን ፈልገን ቦታቸውን ስናያይዛቸው ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ የሚወጣ ሰያፍ መስመር ሠሩ። ፎቶ የሚሸጡ ድርጅቶች ናሙናቸው ላይ ስማቸውን ብዙ ጊዜ የሚዘረጉት እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ይሆናል። ሐይቁ አንደኛ ነው፣ ኦሪጅናሉ ከመጣ። ሐረጎ ሁለተኛ ነው፤ ባለቤቱ ስለታወቀ ደውሎ ፈቃድና ንጹሕ ፋይል መግዛት ይቻላል። ጦሳ ትወጣለች። የማን እንደሆነች አናውቅም፤ ከሥር የነበረው እውነተኛ ጣሪያም ተሸፍኖ ቀርቷል፤ አይመለስም።

እዚህ ላይ እትዬ አንድ ጥያቄ ማንሳታቸው አይቀርም። "የሐረጎውን ጥጉን ቆርጠን ብናወጣውስ?" ይቻላል፣ ግን ብለሩን ያጠፋል እንጂ ባለቤቱን አያጠፋም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። መቁረጡ ራሱም ዱካ አለው። ካሜራዎች የሚያነሱት በአብዛኛው 3 ለ2፣ 4 ለ3 ወይም 16 ለ9 ነው። 1280 በ853 መሆን የነበረበት ፎቶ 1280 በ790 ሆኖ ሲመጣ፣ ከታች አንድ ሰቅ እንደወጣለት ያስጠረጥራል። ሰው ለማሳመርም ስለሚቆርጥ ግን ይህ ከጥርጣሬ አያልፍም።

ጊዜ ከሌላችሁ

ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ከሆነ ሁሉንም ፍተሻ አትሞክሩ። ስልክ ብቻ ከያዛችሁ አጉልታችሁ አራቱን ጥጎችና መሀሉን እዩ፤ ከዚያ በሌንስ ፈልጉ። አልመጣ ካለ ገልብጣችሁ እንደገና ፈልጉ። ኮምፒውተር ካለ ለውሃና ለሰማይ Ctrl+L፣ ለጠጠርና ለቅጠል Difference ይሻላል። የጭመቅ ልዩነትን በቀለም አብርተው የሚያሳዩ ድረ ገጾች አሉ፤ በቴሌግራም ሁለት ሦስት ጊዜ በተላለፈ ፎቶ ላይ ግን ሁሉንም ጠርዝ ስለሚያበሩ ከማሳየት ይልቅ ያደናግራሉ። እኔ አልጠቀምባቸውም።

ኦሪጅናል ስትጠይቁ "ጥራት ያለውን ላክልኝ" አትበሉ፤ ያንኑ ደግሞ ይልክላችኋል። "ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል አድርገህ ላክ፣ እንደ ፎቶ አይደለም" በሉ። እንደ ፋይል ሲላክ መጠኑም አይወርድም፣ የተነሳበት ቀንና የስልኩ ዓይነትም ፋይሉ ውስጥ እንዳለ ይመጣል። እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይወገዳል፤ ስለዚህ መረጃው አለመኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሐይቁ ፎቶ በዚህ መንገድ ሲመጣ 4000 በ3000 ነበር፤ የውሃው ሞገድ ጥርት ብሎ ይታያል፤ 3 ሜትር ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዷ ፒክስል ከ1 ሚሊሜትር በታች ናት። ያነሳው የእትዬ የእህት ልጅ ነው። ስሙን ባነሩ ጥግ ላይ በትንሹ እንድንጽፍለት ጠየቀ፤ ጻፍንለት።